ልጁ ታመመ ወይስ ታመነ?

«ልጁ ስለታመነ ዛሬ አልመጣም።» አንዲት መምህርት ጠዋት ስልኳን ስትከፍት ይህን መልእክት አገኘች እንበል። ላኪዋ እናት ኮልፌ 18 ማዞሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ በአንድ እጇ ዘንቢል ይዛ፣ በአንድ አውራ ጣት የጻፈችው ነው። ታምኖ ከትምህርት የሚቀር ልጅ ስለሌለ መምህርቷ ሳቅ ትልና «ታመመ ለማለት ነው» ብላ ታልፈዋለች። ትክክል ናት። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፦ የሚያስቀው ስህተት ራሱን ያጋልጣል፤ የሚጎዳን ሳያስቀን የሚያልፈው ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንይ። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ በሚያስጽፉ ኪቦርዶች ላይ `m` እና `n` ጎን ለጎን ናቸው። ጣት በሁለቱ መሃል ሲያርፍ የሚመርጠው አውቶኮሬክት ነው። ሲመርጥም ትርጉም አያውቅም፤ የቃላት ዝርዝር ይዞ የትኛው ቃል እንደሚዘወተር ይቆጥራል፣ ሻል ያለውም ከፊት ያሉትን ቃላት ያያል። ዝርዝሩ ከዜናና ከመንፈሳዊ ጽሑፍ የተለቀመ ከሆነ «ታመነ» «ታመመ»ን ቢበልጥ ምን ይደንቃል? እናቶች ለአስተማሪ የሚጽፉት እዚያ ውስጥ የለም። በዚያ ላይ የእኛ ግስ ዝርዝር አይበቃውም። ስለታመመች፣ ስለታመመችብኝ፣ እንዳልታመመችበት፣ ሁሉም ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዝርዝሩ የሌለውን ትክክለኛ ቃል እንደ ስህተት ቆጥሮ በሚያውቀው ይተካዋል። ዓለም እና አለም፣ ኃይል እና ሀይል እያልን አንዱን ቃል በሁለት በሦስት መንገድ መጻፋችንም የቃሉን ድምር ይከፋፍለዋል፤ የተከፋፈለ ቃል ደግሞ በጎረቤቱ ይሸነፋል።

አሁን ወደማያስቀው ልምጣ። «አልደረሰም» እና «አልደርስም» የሚለያዩት በሁለት ፊደላት አናባቢ ብቻ ነው። አንዱ ስለሚጠበቀው እቃ፣ ሌላው ስለ ላኪው ይናገራል። «ነገ ይከፍላል» እና «ነገ ይከፈላል»ም እንዲሁ፤ ፍ ወደ ፈ ሲዞር ከፋዩ ይጠፋል። በአማርኛ ማን አደረገ፣ በማን ላይ ተደረገ፣ ሆነ ወይስ ይሆናል የሚለው ሁሉ የሚቀመጠው በእነዚህ ትንንሽ ለውጦች ውስጥ ነው። ማሽኑ አንዱን በሌላው ሲተካ ዓረፍተ ነገሩ አይሰበርም፤ ሙሉ ሆኖ፣ አምሮ፣ ሌላ ነገር ይናገራል።

በላቲን ፊደል የሚጽፉት ደግሞ የባሰ ዕጣ አላቸው፣ ምክንያቱም ስልኩ እንግሊዝኛ የሚጻፍ ይመስለዋል። ልጄ ለማለት `lije` ሲሉት `like` ሊያደርገው ይችላል፤ `j` እና `k` ጎረቤት ናቸውና። `Kolfe 18` የሚለውም `Wolfe 18` ሆኖ ሊሄድ ይችላል። ደግነቱ ቁጥሩን ስለማይነካው ተቀባዩ ማዞሪያውን አያጣውም።

«ታዲያ አጥፉት» የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ቃል የሚጠቁመውን ትቶ በራሱ የሚተካውን ብቻ ማጥፋት ይቻላል፤ በጂቦርድ `Auto-correction` የሚለው ነው። አማርኛ ለሚጽፍ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን የጣት ስህተት አብሮ አይጠፋም። «ከአውዱ ይታወቃል» የሚልም አለ። የታመነው ልጅ ከአውዱ ታውቋል፤ ያልደረሰው እቃ ግን አይታወቅም፤ ላኪውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ታላቅን ሰው «ተሳስተሃል» ማለት ነውር ነው የሚለው ነው። እስማማለሁ፤ ግን ማረምና መጠየቅ አንድ አይደሉም። ወደ መልእክቱ እንመለስ። መምህርቷ «ታመነ»ን ስታርም «አልመጣም»ን ዝም ብላ አልፋዋለች። ያ ቃል ጣ ሲጠብቅ «ልጁ ቀረ» ነው፣ ሲላላ «እኔ አልመጣም» ነው፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅን አያሳይም። ዕለቱ የወላጆች ስብሰባ ከሆነስ? እዚህ ላይ ማሽኑ ጥፋት የለበትም፤ ግን ትኩረታችንን በሚያስቀው ቃል ላይ አስቀርቶታል። «ትክክል ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «አዎ» ነው፣ ምንም አይፈታም። ስለዚህ የተረዳችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሱና ምርጫውን ለላኪው ተዉለት፦ «እግዚአብሔር ይማርልዎ። የቀረው እሱ ነው ወይስ ለስብሰባው እርስዎም አይመጡም?»