አስር ከመቶ፣ የምኑ?

ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር በቃሉ ይዟል፤ ለሽያጭ ሁለት፣ ለኪራይ አስር ከመቶ። አዲስ አበባ የተለመደ አነጋገር ነው፣ ከዚያም ከሰው ጋር ተሳፍሮ ወደየክፍለ ሀገሩ ይሄዳል። ቦንጋ ለሥራ ተዛውሬ ቤት ስፈልግ ይኸው ቁጥር ቀድሞኝ ደርሶ አገኘሁት። ችግሩ ቁጥሩ ግማሽ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው። አስር ከመቶ ይሁን፣ ግን የምኑ?

ቦንጋ የከፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛው ደግሞ ቤት ይፈልጋል። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ዝናቧም ብዙ ነው። የትኛው ግቢ ውኃ እንደሚገባው፣ የትኛው መንገድ ሲጨቀይ ባጃጅ እንደማያስገባ ባዳ ሰው አያውቅም። በዚያ ላይ እኔ ካፊኖኖ አልችልም፤ አከራዩዋ እናት ከልጃቸው ጋር በራፍ ላይ የሚመካከሩትን አልሰማም። ስለዚህ ደላላ ያስፈልገኝ ነበር፤ ከእሱ የምገዛው ደግሞ ቤት ሳይሆን እውቀትና እግር ነበር።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ያገናኙኝ ሰው በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ አባት ነበሩ። ቡና ላይ ተቀመጥን። በጀቴ በወር 5,000 ብር መሆኑን ነገርኳቸው፣ ከመነሳታችን በፊት ስለ ድርሻቸው እንድንነጋገርም ጠየቅሁ።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄ ምን ያስቸኩላል? ቤቱን ካየህ በኋላ እንደ ደንቡ ነው» አሉኝ።

«ደንቡ ስንት ነው ጋሼ?»

«አስር ከመቶ ነዋ።»

እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። የአንድ ወር ኪራይ አስር ከመቶ 500 ብር ነው። ባለቤቱ የሦስት ወር ቅድሚያ ቢጠይቅና ሒሳቡ በዚያ ቢታሰብ ከ15,000 ላይ 1,500 ይሆናል። በአንድ ዓመት ውል ቢታሰብ 6,000። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ በዚያ ከሄድን 12,000 ብር ነው። ከ500 እስከ 12,000፣ ሁሉም አስር ከመቶ ነው፣ ማንም ቃሉን አልበላም። ብዙ ጊዜ በቁልፍ ርክክብ ቀን የሚነሳው ጭቅጭቅ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ተከራዩ 500 ሲያስብ ደላላው 1,500 ሲያስብ ይከርሙና፣ ሻንጣ በራፍ ላይ እያለ ይጣላሉ። ሻንጣው በራፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይከራከርም፣ ይከፍላል።

ጋሼ ወረቀቱን አይተው ሳቁ። እሳቸው የሚሉት ከቅድሚያው ላይ ነበር፤ 1,500። (ያው አዋጅ ቅድሚያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ ሦስት ወር ለሚጠይቅ አከራይ ይህን ማንሳት የኪራዩን ብቻ ሳይሆን በቅድሚያው የታሰበውን የደላላ ሒሳብም ያሳንሳል። በክልል ከተማ ያለ ሰው ግን አዋጁ እዚያ ሥራ ላይ መዋሉን አስቀድሞ ቀበሌ ቢጠይቅ ይሻለዋል።)

እኔን ግን ከመጠኑ ይልቅ አሠራሩ ነበር ያሳሰበኝ። ደላላ በመቶኛ ሲከፈለው ኪራዩ በጨመረ ቁጥር ድርሻው ይጨምራል። ከእኔ ጋር ቆሞ አከራዩን «ትንሽ ቀንሱለት» ቢል የራሱን ኪስ ነው የሚቀንሰው። ኪራዩ ከ5,000 ወደ 4,500 ቢወርድ እኔ በየወሩ 500 አተርፋለሁ፣ እሳቸው ከሦስት ወሩ ቅድሚያ 150 ብር ያጣሉ። ሰውን ለምን አልደከምክልኝም ከማለት በፊት፣ ድካሙ እሱን የሚጎዳ አለመሆኑን ማየት ነው። ስለዚህ ቁርጥ ዋጋ አቀረብኩ፦ ቤቱ በ5,000 ቢገኝ 1,000 ብር። ከዚያ በታች ካስወረዱት የአንድ ወሩ ቅናሽ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ይሁን።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የተናገሩት ስለ ገንዘቡ አልነበረም።

«ልጄ፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ቤት አሳያለሁ፣ ሰውዬው ‹አልወደድኩትም› ይለኛል። ማታ ተመልሶ ከባለቤቱ ጋር ይጨርሳል። ጫማዬ ላይ ጭቃው ብቻ ይቀራል።»

እውነታቸውን ነው። ተከራይ ስለ ደላላ ብዙ ያወራል፣ ደላላም ስለ ተከራይ የሚያወራው አለው። ዝቅ ያለ ዋጋ ለመጠየቅ ያገኘሁት ትልቁ መደራደሪያም ይኸው ሥጋታቸው ነበር። እሳቸው ያሳዩኝን ቤት በማንኛውም መንገድ ብከራየው፣ በዚያ ቀንም ሆነ ከወር በኋላ፣ ክፍያቸው የጸና እንዲሆን ቃል ገባሁ። በምላሹ እኔ የፈለግሁት ሦስት ነገር ነበር። ክፍያው ውል ተፈርሞ ቁልፍ በእጄ ሲገባ እንጂ ቤት በታየ ቁጥር አይደለም፤ የባጃጁን እኔ እችላለሁ። ሌላ ደላላ በመሃል ቢገባ ከእሳቸው ድርሻ ይካፈላል እንጂ እኔ ድጋሚ አልከፍልም። በራሴ ወይም በጓደኞቼ በኩል ቤት ካገኘሁ ደግሞ ዕዳ የለብኝም። ከአከራዩም ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ «እሱ የእሱ ነው» አሉኝ። መልሱን ማወቄ በቂ ነበር፤ ያ ገንዘብ የእኔን ድርሻ እንዲያሳንስ አልተከራከርኩም፣ ግን 1,500 የሚለውን አልደገሙትም።

በሕጋችን እንዲህ ያለ ስምምነት በቃልም ይጸናል፤ የሚያስቸግረው ኋላ ማስረዳቱ ነው። እዚያው ቡናችን ሳያልቅ በስልኬ አጭር መልእክት ጽፌ ላክሁላቸው፦ «ጋሼ፣ የተስማማነው፦ 1,000 ብር ቁርጥ፣ ከ5,000 በታች ከሆነ የአንድ ወሩ ቅናሽ ተጨምሮ። የሚከፈለው ቁልፍ ስረከብ። ሌላ ደላላ ካለ ከዚሁ ይካፈላል። ያሳዩኝን ቤት በሌላ በኩል ብይዘውም እከፍላለሁ።» ልጃቸው አነበበላቸውና «እሺ» ብላ መለሰች። አንዲት «እሺ» ናት፣ ግን ቀን አላት።

መልእክቱ ጥቅም ላይ የዋለው በሦስተኛው ቤት ነው። በመንገድ ላይ ጋሼ ሁለት ጊዜ ስልክ ሲያወሩ ሰማሁ፣ ከግቢው ጥግ ደግሞ አንድ ወጣት ይጠብቀን ነበር። ደላላ ወደ ቤት እየወሰደህ ሌላ ሰው ከደወለና መንታ መንገድ ላይ ከቆመ ቤቱን የሚያውቀው ያኛው ነው ማለት ነው። ወጣቱ በውል ቀን «የኔስ?» አለ። እኔ መልስ መስጠት አላስፈለገኝም፤ ጋሼ ወደ ጎን ወስደው ተነጋገሩት።

ያ ቤት 5,000 ተብሎ ነበር። ጋሼ ከባለቤቷ ጋር በካፊኖኖ ረዘም ያለ ወሬ አወሩ፣ ከወሬው የገባኝ ሳቁ ብቻ ነበር። ሲጨርሱ 4,500 ሆነ። ለጋሼ 1,000 እና 500፣ በድምሩ 1,500 ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ያንኑ ነበር። ልዩነቱ እኔ በዓመት 6,000 ብር ማትረፌ ነው፤ እሳቸውም ገንዘቡን ሲቀበሉ እንደገና አልቆጠሩትም።