«ኖት አት ኦል» ማለት እምቢ ነው እሽ?

ተበላ ላይ ከጎረቤት ምጣድ ስንዋስ ዓረፍተ ነገሩን አንጨርሰውም። «እትዬ፣ ምጣዱን ብታውሱን…» ብለን እንተወዋለን። የቀረውን እሳቸው ይጨርሱታል፤ «ኧረ ውሰዱት!» ይላሉ። ልመናው ሁሉ ያለው «ብታውሱን» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። «እባክዎ» ማለት እንኳ አያስፈልገንም።

እኛ ሁለታችንም የምናስተምረው ሶዶ ነው። ጠዋት ከተበላ በሚኒባስ እንሄዳለን፣ ማታ እንመለሳለን። በአንድ ወቅት በፈተና ሳምንት የዓርብ ፈተና ከጁምዓ ሰላት ጋር ገጠመብን። ፈተናው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ ክፍሉን የምንቆጣጠረው ደግሞ እኛው ነን። በዚያ ሰዓት ነፃ የነበረው ከህንድ አገር የመጣ የሥራ ባልደረባችን ብቻ ነበር። አማርኛ አያውቅምና በእንግሊዝኛ ጻፍንለት።

በልባችን የነበረው «ዓርብ ፈተናውን ትይዝልናለህ?» የሚል ነበር። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «ዩ ዊል ቴክ አወር ኤግዛም ኦን ፍራይዴይ፣ ሲክስ ሰርቲ። ፕሊስ።» ነው። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ መጣና «ይህ ትእዛዝ ነው?» ሲል ጠየቀን። (ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ጽፈን ስለነበር ማታ ይሁን ንጋት ግራ ገብቶት ነበር።) አፍረን ወረቀቱን ተቀበልነው።

የት እንደተሳሳትን የነገረችን አንዲት ነባር የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። በአማርኛ «ትይዝልናለህ» ስንል ለስላሳ የሚያደርገው መካከል ላይ የገባው «ልን» ነው፤ ለእኛ ብለህ ማለት ነውና። «ዩ ዊል» ውስጥ ይህ የለም፤ የሚሰማው «ትይዛለህ» የሚል የአለቃ ቃል ነው። መጨረሻ ላይ የተለጠፈው «ፕሊስ» ደግሞ ትእዛዙን ጨዋ ትእዛዝ ያደርገዋል እንጂ ልመና አያደርገውም። የምጣዱንም ዘዴ ብንሞክር አያዋጣም፤ «ኢፍ ዩ ጊቭ አስ» ብለን ብንተወው ሰሚው ቀሪውን ሲጠብቅ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ልመናው ጥያቄ መሆን አለበት፤ ተለማኙም የሚወጣበት በር ሊተውለት ይገባል። እርሷ የጻፈችልን ይህን ነው፦

«ዉድ ዩ ማይንድ ከቨሪንግ አወር ኤግዛም ሩም ኦን ፍራይዴይ፣ ፍሮም ትዌልቭ ሰርቲ? ዊ ኩድ ዱ ዩርስ ኦን ሞንዴይ። ኖ ፕሮብሌም ኢፍ ዩ ካንት።»

ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የሰኞን የእርሱን ተራ እኛ እንደምንይዝለት ይገልጻል፤ ሦስተኛው ባይመቸው ቅር እንደማንሰኝ ይነግረዋል። ከ«ማይንድ» ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ በ«ኢንግ» እንዲጨርስም አስጠነቀቀችን። ለምን «ፕሊስ» እንዳልጻፈች ብንጠይቃት «ሥራውን ሌላው ጨርሶታል» አለችን።

ወረቀቱ በሄደ በሰዓቱ መልስ መጣ፦ «ኖት አት ኦል።»

አንዳችን የሌላችንን ፊት አየን። «ኖት» አለ፣ «አት ኦል» አለ፤ በእኛ አተረጓጎም «በፍጹም» ማለት ነው። እምቢ ማለቱ ሳይሆን አነጋገሩ ከበደን። ያን ቀን ሌላ ሰው ስንለምን ዋልን፤ አንድ ወጣት መምህር የምሳ ሰዓቱን ሰውቶልን እሽ አለ።

ዓርብ ከመስጊድ ተመልሰን ወደ ፈተናው ክፍል ብንሄድ ሁለት ተቆጣጣሪ አገኘን። ህንዳዊው ፊት ለፊት፣ ወጣቱ ከኋላ ቆመዋል፤ አንዱ ሌላው ለምን እንደመጣ አያውቅም። ወጣቱ ምሳውን አልበላም። ህንዳዊው ደግሞ ያላመንነው መስሎት ከፍቶታል።

«ዉድ ዩ ማይንድ» የሚጠይቀው ይሠራልን እንደሆነ አይደለም፤ «ቅር ይልሃል?» ነው። ስለዚህ እሽ የሚል ሰው መልሱ «ኖ» ወይም «ኖት አት ኦል» ነው፤ ምንም ቅር አይለኝም ማለቱ ነው። እኛም እኮ «ቅር ይልሃል?» ስንባል «ኧረ ምንም!» ብለን እንስማማለን። የገዛ አማርኛችንን በሌላ ቋንቋ ስናገኘው አላወቅነውም። ችግሩ ያለው በ«ዬስ» ነው፤ ለዚህ ጥያቄ «ዬስ» ማለት እንደ ቃሉ ከሄድን «አዎ፣ ቅር ይለኛል» ነው። ብዙ ሰው ግን እሽ ለማለትም ይጠቀምበታልና ጠያቂው ከቃሉ ይልቅ ከኋላው የሚከተለውን ማድመጥ አለበት። «ዬስ፣ ኦፍ ኮርስ» ካለ ተስማምቷል፤ «ዬስ፣ አይ አም አፍሬድ…» ብሎ ከጀመረ ይቅርታ እየጠየቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ለትንሽ ነገር ይህን ሁሉ አንጽፍም። ማርከር ወይም የቢሮ ቁልፍ ሲያስፈልገን «ኩድ አይ ባሮው ዩር ማርከር?» ይበቃል። መልሱ ቀጥተኛ ነው፤ «ዬስ» እሽ ነው፣ «ኖ» እምቢ ነው። ለማርከር «ዉድ ዩ ማይንድ» ብሎ በር መተው ጓደኛን እንደ ባዕድ ማየት ይመስላል። የሰው ሰዓት ወይም የዕረፍት ቀን ስንጠይቅ ግን ያችኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር እናወጣታለን።

ህንዳዊውን በሰኞው ተራ ካስነው። ወጣቱንም ምሳ ጋበዝነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ህንዳዊው በተራው «ዉድ ዩ ማይንድ…» የሚል ወረቀት ላከልን። «ኖት አት ኦል» ብለን ጻፍንና ጥቂት አሰብን፤ ከሥሩም «ዊ ዊል ቢ ዜር» ብለን ጨመርንበት።