ለአራት መቶ ሰው የሚጻፍ መልስ



ጅማ ውስጥ ያለን የመስጂድ ጀመዓዎች ጉዳያችንን የምንነጋገረው አሁን አሁን በቴሌግራም ግሩፕ ሆኗል። ማስታወቂያው፣ መዋጮው፣ የጀናዛ ጥሪው ሁሉ እዚያ ነው። ጠቡም እዚያ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ መልስ ነው፤ ተናድዶ የተጻፈ መልስ ግሩፑ ላይ ከመለቀቁ በፊት እንዴት ተስተካክሎ እንደወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት መግቢያ ላይ አንድ ወንድም ከ400 በላይ አባላት ባሉት ግሩፕ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «ለጣሪያው የተሰበሰበው ብር የት ደረሰ? ዝናቡ ገባ፣ ጣሪያው ግን አሁንም ያፈሳል።» ገንዘብ ያዡ ወጣት ነጋዴ ነው። መልሱን ጽፎ ከመላኩ በፊት ወደኔ ይዞት መጣ። የጻፈው ይህን ነበር፦

«አንዳንዶቻችሁ የምትታዩት ስትሰጡ ሳይሆን ስትጠይቁ ነው። እኔ ሱቄን ዘግቼ አናጢ ስለምን ቤቱ ተኝቶ የነበረ ሰው ዛሬ ኦዲተር ሆኗል። ብሩን በላ የምትሉ ከሆነ መስጂድ መጥታችሁ በፊቴ ተናገሩ። ከአሁን በኋላ ሌላ ገንዘብ ያዥ ፈልጉ። ደረሰኙ እኔ ጋር አለ። ለማንኛውም የወንዶቹ በኩል አልቋል።»

ንዴቱ ምክንያት አለው፤ ሱቁን መዝጋቱን እኔም አውቃለሁ። ግን አብረን ቆጠርነው። ከስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ጥያቄውን የሚነኩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስንት እንደተሰበሰበ የለም፤ ለምን እንደሚያፈስም የለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ጠያቂው «ብሩ ተበላ» አለማለቱ ነው። ቃሉን ያመጣው መላሹ ነው። ይህ መልስ ቢለቀቅ ኖሮ ስርቆትን ያላሰበው ሁሉ ያስብ ነበር።

ከዚያ ማን እንደሚያነበው አሰብን። አጋሮ ያለው ቡና ነጋዴ ብዙ ሰጥቷል፤ መልእክት የሚያየው መንገድ ላይ በሩጫ ነው። ጌራ በኩል ያሉት ኔትወርክ ሲመጣላቸው የሁለት ቀን መልእክት አንድ ላይ ይገባላቸዋል፤ መልሱን ከጥያቄው በፊት ሊያዩት ይችላሉ። ጅዳ ያለችው እህት ከደመወዟ ልካለች፤ ጣሪያውን በዓይኗ አይታው አታውቅም። አባ እገሌ ደግሞ አማርኛ ስለማያነቡ የልጅ ልጃቸው ነው በኦሮምኛ የሚነግራቸው። «ኦዲተር ሆኗል» የሚለው ሽሙጥ ሲተረጎም ሽሙጥነቱ ይጠፋል። ሽማግሌው «ማን ሾመው?» ብለው ነው የሚጠይቁት። እነዚህ ሁሉ ጠያቂውን አያውቁትም። ቁጣው ለአንድ ሰው ቢጻፍም የሚደርሰው ለአራት መቶው ነው።

«አንዳንዶቻችሁ» የሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሱ፣ «ስም አልጠራሁም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ስም ሳይጠሩ ያርሙ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። በበሪራ ታሪክ እንደምናውቀው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በሪራን ገዝታ ነፃ ልታወጣት ስትፈልግ ባለቤቶቿ ከሸሪዓ ውጭ የሆነ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ፊት ቆመው በአላህ ኪታብ የሌለ ቅድመ ሁኔታ ስለሚያስቀምጡ ሰዎች ተናገሩ፤ የማንንም ስም አላነሱም። ግን ልዩነቱን እንይ። እሳቸው ድርጊቱንና ፍርዱን ግልጽ አድርገው ሰውየውን ሸፈኑ። የኛ «አንዳንዶቻችሁ» የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ሰውየውን ግን በጣት ይጠቁማል። አንባቢው ሁሉ «ማንን ነው?» እያለ ይገምታል፤ ከዚያ ጊባው ይቀጥላል።

ስለዚህ እንዲህ አደረግን። መጀመሪያ ጽሑፉን ከግሩፑ አውጥቶ Saved Messages ውስጥ አስቀመጠው፤ ጣት ስቶ እንዳይልከው። ቴሌግራም ላይ የተላከን ማጥፋት ይቻላል፤ ስልክ ላይ ብቅ ብሎ የተነበበውን፣ ስክሪንሾት የተነሳውን ግን ማንም አይመልሰውም። ከዚያ አስር ሰግደን ተመለስን። የተናደደ የቆመ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልለቀቀው ጋደም እንዲል በሐዲስ ተመክረናል። ስልክ ይዞ ለተናደደ ሰው ደግሞ ስልኩን ማስቀመጥ ከዚያው ምክር የሚገባ ይመስለኛል።

ስንመለስ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህ የማን ነው?» ብለን ጠየቅን። የሱቁ መዘጋትና «ሌላ ፈልጉ» የሚለው የኮሚቴውና የኢማሙ ነው፤ እዚያ በአካል ይነገር፣ መነገርም አለበት። ለጠያቂው ያለው ቅሬታ የራሱ የጠያቂው ነው፤ ለብቻው ይነገረው። ለግሩፑ የቀረው ሒሳቡና ጣሪያው ብቻ ሆነ። ደብተሩን አምጥቶ ይህን ጻፈ፦

«አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ መስጂዱ ጣሪያ ገንዘብ ለቀረበው ጥያቄ መልስ፦
የተሰበሰበው 186,400 ብር ነው። ለቆርቆሮና ለእንጨት 142,000፣ ለአናጢዎች 21,500 ብር ወጥቷል። ቀሪው 22,900 ብር በመስጂዱ የባንክ ሒሳብ አለ።
የወንዶች መስገጃ ጣሪያ አልቋል። የሚያፈሰው የሴቶች መስገጃ ነው። የቀረው ብር ስለማይበቃ ሥራው ቆሟል።
ደረሰኞቹን ማየት የሚፈልግ የፊታችን ጁምዓ ከሰላት በኋላ መስጂዱ ቢሮ ይምጣ። ሩቅ ያላችሁ በግል ጻፉልኝ፤ ፎቶ እልካለሁ። ጥያቄውን ላነሳው ወንድም ጀዛከላሁ ኸይር።»

የመጀመሪያው መስመር ጉዳዩን በስሙ ይጠራል፤ ስልክ ላይ ብቅ የሚለው እሱ ስለሆነ፣ ጥያቄውን ላላየውም ስለሚበቃ። ነጋዴው ቁጥሩን በአንድ እይታ ያገኛል። የጅዳዋ እህት የትኛው በኩል እንደሚያፈስ ትረዳለች። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለሆኑ የልጅ ልጁ ሳይደናቀፍ ይተረጉማል። ቀኑና ቦታው ስለተነገረ የሚቀጥለው ጥያቄ ግሩፑ ውስጥ ሳይሆን ደረሰኙ ፊት ይጠየቃል። የመጨረሻዋን ምስጋና ለመጻፍ አልወደደም ነበር፤ «ከልቤ አይደለም» አለኝ። እኔም፣ ጥያቄው ባይመጣ ኖሮ የሴቶቹ በኩል መቅረቱን ስንቱ ያውቅ ነበር አልኩት። ዝም ብሎ ጨመራት።

ከመላኩ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው ጠየቅሁት፤ ጠያቂው ከነአባቱ ፊቱ እንደተቀመጡ አስቦ። ድምፅ የሚያስጮህ ወይም አንገት የሚያስደፋ ቃል ካለ እዚያ ይታወቃል። የመጀመሪያውን እንዲህ ቢያነበው «ቤቱ ተኝቶ የነበረ» የሚለው ላይ ይቆም ነበር። ሁለተኛው እስከ መጨረሻ ተነበበ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ መልስ የቆመው በቁጥሮቹ ነው። ደረሰኝ ባይኖረው ኖሮ የረጋው ቃል መሸፋፈኛ ይሆን ነበር። «ወንድሞቼ፣ በሰብር እንጠብቅ፣ ኢንሻአላህ ሁሉም ይስተካከላል» ብሎ ሒሳቡን መዝለል ለስለስ ይላል እንጂ አማናውን አይወጣም። ሒሳቡ ገና ካልተሠራ፣ አልተሠራም ብሎ የሚቀርብበትን ቀን መናገር ይሻላል። ጠያቂው በጨዋ ቃል የጠየቀውን መብት በጨዋ ቃል መንፈግ ከስድቡ አያንስም።

ወላሁ አዕለም።