የማይታየው የልብስ ወገን

የሚታየውን የልብስ ወገን መሣል የዐይን ሥራ ነው፤ የማይታየውን መሣል ግን የሒሳብ ሥራ ነው። ብዙ ሰዎች በስተጀርባ ያለው ስላልታየ ሠዓሊው እንደ ፈቀደ ይፈጥረዋል ብለው ያስባሉ። እኛ ግን ይህን አንቀበለውም። ጨርቅ ርዝመትና ወርድ አለው፤ ጠርዝና ማዕዘንም አለው። በፊት በኩል ያልታየው ክፍል አልጠፋም፤ በጐን ወይም በጀርባ መገኘት አለበት።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሣም። ቅዱሳን ሁለት ዐይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ፤ በጐን ሆነው በአንድ ዐይን የሚሣሉት ክፉዎች ናቸው። በጎንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የሚታዩት የመላእክት ፊቶችም ወደ ተመልካቹ የተመለሱ ናቸው። ስለዚህ የሀገር ልብስ ከኋላ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሥዕል ይልቅ ከለባሹ ቢማር ይሻለዋል።

በልደታ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ የሟች እናታቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ወደ እኛ መጥተው ነበር። «ልጅ ሳለሁ ወደ መርካቶ ስትሄድ ሁልጊዜ ከኋላዋ ነበር የምከተላት፤ ጀርባዋን ሣሉልኝ» አሉን። ፎቶግራፉ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ፊት ለፊት የተነሣ ነው። እናቲቱ ጥበብ ቀሚስ ለብሰው ነጠላ አጣፍተዋል። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ የነጠላው ጥለት ያለ ቦታው ወደ አንገት ቢወጣ፣ በደኅና ቀን የተነሡትን እናት ኀዘንተኛ ማድረግ ይሆንብናል።

በመጀመሪያ ጥለቶቹን ቈጠርን። ነጠላ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ጥለት አለው። በፎቶግራፉ የሚታየው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከግራ ትከሻቸው በፊት በኩል ወደ ታች ወርዷል። የቀኙ ጫፍ ደረታቸውን አቋርጦ በግራ ትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ተጥሏል። እንግዲህ ሁለተኛው ጥለት በጀርባ፣ በግራ በኩል መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

ቀጥለን ጥለቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ ለማወቅ 240 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ነጠላ ወስደን በሰው ላይ እንደ ፎቶግራፉ አጣፋነው። በፊት የተንጠለጠለው 60 ሆነ፤ ከግራ ትከሻ በማጅራት ዞሮ እስከ ቀኝ ትከሻ ያለው 45፣ ከዚያ በደረት ላይ ተመልሶ ግራ ትከሻ እስኪደርስ 70 ሆነ። ድምሩ 175 ነው። የቀረው 65 ሳንቲ ሜትር በጀርባ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥለቱ ከወገብ ዝቅ ብሎ ያርፋል።

ከዚህ በኋላ የጐኑ መልክ በራሱ ይወጣል። ሴትዮዋ በግራ ጐናቸው ሲታዩ ሁለቱም ጥለቶች፣ አንዱ በፊት አንዱ በኋላ፣ ይታያሉ፤ በቀኝ ጐናቸው ሲታዩ ግን ከክንድ ወደ ትከሻ የሚወጣ እጥፋት እንጂ ጥለት የለም። ብዙ ጊዜ ሥዕል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በፊት ሥዕል የሰውዬው ግራ በተመልካቹ ቀኝ ነው፤ ሰውዬው ጀርባውን ሲሰጥ ግን ወደ ተመልካቹ ግራ ይዞራል። ይህን የረሳ ሠዓሊ ነጠላውን ወደ ሌላው ትከሻ ያሻግረዋል።

በግንቦት 1 ቀን በልደታ ማርያም በር ቆመን ምእመናንን ከኋላ ስንመለከት ሒሳቡን በሌላ መልክ አገኘነው። መስቀለኛ ያጣፉት ሴቶች ሁለቱንም ጫፎች በደረታቸው ላይ አቋርጠው ወደ ኋላ ጥለዋቸዋል፤ በፊት ምንም ጥለት የለም፤ በጀርባ ግን ሁለት አለ። አጣፋፉ ቢለወጥም ድምሩ ሁለት ነው።

ሰውነት በከፊል ዞሮ ሲሣል ደግሞ ችግሩ ቀሚሱ ላይ ይመጣል። ከደረት እስከ ታች የሚወርደው ጥበብ ከመካከል ወደ ጠርዝ ይሸሻል፤ ግን ምን ያህል? የቀሚሱ ግርጌ ክብ ነው ብንልና በሥዕሉ ላይ ከመካከል እስከ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሴትዮዋ ሩብ ዙር ሳይሞላ በግማሹ፣ ማለት 45 ዲግሪ ሲዞሩ፣ ጥበቡ 21 ያህል ይሄዳል እንጂ 15 ላይ አይቆምም። ወደ ጠርዙ ሲቀርብም ቁመቱ ሳይቀንስ ወርዱ ይጠባል። በ15 ላይ የተሣለ እንደ ሆነ ቀሚሱ ክብነቱን አጥቶ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል።

ሒሳብ የማይደርስበትም ነገር አለ። የግርጌው ጥበብ በፎቶግራፉ በሁለቱም ጠርዝ ሳይቋረጥ ስለሚያልፍ ዙሪያውን እንደሚዞር እናምናለን። በጀርባ መካከል ሌላ ጥበብ ይውረድ አይውረድ ግን ፎቶግራፉ አይናገርም። እንዲህ ባለው ስፍራ ነጩን ጨርቅ ነጭ አድርገን ተውነው፤ ለወይዘሮዋም ይህ የእኛ ግምት መሆኑን ነገርናቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣ «ነጭ ነበር፤ እሱን ነበር እያየሁ የምከተላት» አሉ።