ከአንድ ላም ሃምሳ ኪሎ ቅቤ?



ሱሉልታ የምትኖር አክስት አለችኝ። ቅቤና አይብ ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት በአንድ የረመዷን ባዛር ላይ ጠረጴዛ ተሰጣትና አዘጋጆቹ ከዕቃዋ አጠገብ የሚለጠፍ አጭር ጽሑፍ ጠየቋት፤ ሥራውን እንዴት እንደጀመረች የሚናገር፣ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ። «አንተ የተማርከው ጻፍልኝ» አለችኝ። ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዤ እንጦጦን ተሻግሬ ሄድኩ፤ ስትተርክልኝ ውላ ማታ ጻፍኩ።

ሦስት ገጽ ሆነ። አሁን ሳነበው አፍራለሁ። «በባዶ እጇ ተነስታ»፣ «ብቻዋን ታግላ»፣ «ከአንዲት ላም ተነስታ በአንድ ረመዷን 50 ኪሎ ቅቤ ለገበያ ያቀረበች» ይላል። እንባም ነበረበት። እንባውን እኔ ነበርኩ የጨመርኩት፤ እሷ ስታወራኝ ስትስቅ ነበር።

ያስቆመኝ ቁጥሩ ነው። እኛ ምሕንድስና የምንማር ሰዎች የገባውና የወጣው ካልተመጣጠነ እንቅልፍ አይወስደንም። አክስቴ ራሷ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት 20 ሊትር ገደማ ወተት እንደሚያስፈልጋት ነግራኛለች። ላሟ በቀን የምትሰጠው 10 ሊትር ነው። በ30 ቀን 300 ሊትር ይሆናል፤ ሁሉም ቢናጥ 15 ኪሎ ቅቤ ይወጣዋል። ሃምሳ ኪሎ ቅቤ ግን 1,000 ሊትር ይፈልጋል። ታዲያ 700ው ሊትር ከየት መጣ?

ደወልኩላት። ያጋነነች መስሎኝ ነበር። «እንዴ! የጎረቤቶቼ ነዋ» አለችኝ፣ የማያውቅ ሰው እንደሌለ ሁሉ።

ታሪኩ ለካ እዚያ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም ረመዷንና ሁዳዴ በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር የገቡት። ሱሉልታ እንደ ሰበታና ቡራዩ ሁሉ ለአዲስ አበባ ወተት የምታቀርብ ከተማ ናት፤ ብዙው ጠጪ ደግሞ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ወተት አይጠጣም፤ ላም ግን ጾም አታውቅም፤ ጠዋትና ማታ መታለብ አለባት። በዚያ ሰሞን ወተቱን ከቤት ለቤት የሚሰበስበው ሰው መምጣቱን አቆመ። አክስቴም የራሷን ወተት ማርጋት ጀመረች። የሱሉልታ ብርድ ቶሎ ስለማያረጋ ዕቃውን ምድጃው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ሲረጋ ትንጠዋለች፤ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራውን ለዘብ ባለ እሳት አሙቃ አይብ ታወጣለች። ወተት በማግስቱ ይበላሻል፣ ቅቤ ግን ይቆያል። የሚገዛም ነበር፤ አዲስ አበባ ያሉ ሙስሊሞች ለኢፍጣር ገንፎና ለወጥ ቅቤ ይፈልጋሉ።

ሁለት ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ይህን አይተው የራሳቸውን ወተት አመጡላት። ለሁለቱ በቀን 23 ሊትር ያህል ይሆናል። በ30 ቀን ሲባዛ 690፤ የጎደለኝ 700 ሊትር ሞላ ማለት ነው። ገንዘብ ስላልነበራት በዱቤ ወሰደች፤ ቅቤው ተሸጦ ሊከፈል።

አያችሁ፣ «ብቻዋን ታግላ» ያልኩት ሰዎቹን ሰርዞ ነበር። «በባዶ እጇ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስጠይቃት የላሟን ድርቆሽና ፉርሽካ የሚገዛው የአጎቴ የሹፌርነት ደመወዝ እንደነበር ነገረችኝ። ደመወዙ ባይኖር ወተት ሰብሳቢው በቀረ በሳምንቱ ላሟን መሸጥ ይመጣ ነበር። እኔ ታሪኩን ትልቅ ያደረግኩ መስሎኝ እንዴት እንደተቻለ የሚያስረዳውን ክፍል አውጥቼ ጥያለሁ። ላም የሚያውቅ አንባቢ ሃምሳ ኪሎውን ባነበበ ጊዜ ቅቤውንም ይጠራጠር ነበር።

መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ደጋግመው የሚነግሩን ሐዲስ ትዝ አለኝ፤ ሙስሊም የዘገቡት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙታል። ሻጩ ዝናብ ነው ቢላቸውም፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ አለማድረጉን ወቀሱት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሐዲሱ ስለ ዕቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዕቃው አጠገብ የሚለጠፍ ታሪክም ገዢው እያየው የሚገዛበት ነው፤ ደረቁን ከላይ አድርጌ እርጥቡን የደበቅኩት እኔ ነበርኩ።

አጭርና የሚታመን ታሪክ ምን እንደሚመስል ለማየት የቤተልሔም ጥላሁንን አስታወስኩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሶልሬብልስን የመሠረተችው ባደገችበት በዘነበወርቅ ሰፈር ነው። ታሪኳ በሦስት ነገር ይነገራል፦ እጃቸው ሙያ የሚያውቅ ግን ሥራ ያጡ ጎረቤቶች፣ ሁላችንም የምናውቀው ከመኪና ጎማ የሚሠራ በረባሶ፣ እና ሰፈሩ። ጎማውን አይተነዋል፤ ሰፈሩንም እናውቀዋለን፤ ስለዚህ እናምናለን። ለአክስቴም ሦስቱ ነበሩ፦ ሱሉልታ፣ በጾም ገዢ ያጣ ወተት፣ ሁለቱ ጎረቤቶች። ከእነዚህ ጋር የማይገናኘውን ሁሉ አወጣሁ። እንባው ወጣ፤ ቅቤው መድኃኒት ነው የሚለውም ወጣ፤ «ስኬታማ» የሚለው ቃል አራት ቦታ ነበር፣ አራቱም ወጣ።

የቀረው ይህ ነው፦

«የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ አንድ ላም አለችኝ። በ2016 ረመዷንና ሁዳዴ አንድ ቀን ገቡ። ወተት ሰብሳቢው መምጣት ሲያቆም ወተቱን አርግቼ መናጥ ጀመርኩ። ሁለት ክርስቲያን ጎረቤቶቼም ወተታቸውን በዱቤ ሰጡኝ። የላሟን መኖ የሚገዛው የባለቤቴ ደመወዝ ነበር። በዚያ ረመዷን 50 ኪሎ ገደማ ቅቤ ሸጥኩ። ለጎረቤቶቼ የከፈልኩት ከዒድ በኋላ ነው። ዛሬም የምንጠው እኔው ነኝ።»

ከመለጠፉ በፊት ጎረቤቶቹን ማስፈቀድ ነበረብን፤ የሰው ነገር አማና ነው። አክስቴ ቡና አፍልታ ጠራቻቸውና አነበብኩላቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ፈለጉ፤ የቀረው ግን ደስ አላቸው። አንደኛዋ ብቻ አንድ ነገር አረመችኝ። «ከዒድ በኋላ ብቻ አትበል ልጄ» አለችኝ። «ከፋሲካ በፊት በል። ዶሮ የገዛሁት በዚያ ብር ነው።»

እውነቷን ነው። የዚያን ዓመት ዒድ ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። አክስቴ የከፈለቻቸው በመካከሉ ነው። «ከዒድ በኋላ፣ ከፋሲካ በፊት» ብዬ አስተካከልኩት።

ባዛሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ቆመው አነበቡ። ጨርሰው «ወተቱ በቀን ስንት ሊትር ነበር?» ብለው ጠየቋት። አክስቴ ነገረቻቸው። በልባቸው ሲያሰሉ ቆዩና ሁለት ኪሎ ገዙ።