ለኒካህ ቀን ስንት ሳጥን ለስላሳ፣ ስንት ኪሎ በረዶ?



የታላቅ እህቴ ኒካህ ድሬዳዋ ቤታችን ሲደረግ የመጠጡን ጉዳይ አባዬ ለእኔ ሰጠኝ። እንግዳው 120 ነው ተባለ። እኔም «ከሚያንስ ይትረፍ» ብዬ 14 ሳጥን ለስላሳ አስመጣሁ። የታሸገ ውሃ ጥቂት፣ በረዶ 10 ኪሎ ብቻ፣ አቮካዶ ጁስ ደግሞ ከማታው የተፈጨ።

እንግዳው ከዙህር በኋላ ገባ። ሞቃታማውን ለስላሳ ሳፋ ውስጥ ከትቼ በረዶውን ከላይ የበተንኩት ያኔ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በረዶው ውሃ ሆነ፣ ጠርሙሱ ግን ለብ እንዳለ ነበር። ሰው ለብ ያለ ለስላሳ ሁለቴ ጎንጨት ብሎ ያስቀምጣል። ውሃው ከሁሉም ቀድሞ አለቀ። አቮካዶው ጠቁሮ አደረ፤ ማንም አልነካውም። ማታ ግማሽ የተጠጡ ጠርሙሶች ስንሰበስብ እናቴ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ያልተከፈተውን 7 ሳጥን ልመልስ ስሄድ ባለሱቁ «አስቀድመን አልተነጋገርንም» አለኝ። ኢስራፍ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። በአንድ በኩል ተርፎ ይባክናል፣ በሌላ በኩል እንግዳ ይጠማል።

የታናሽ እህቴ ኒካህ ሲደርስ ግን በግምት አልገዛሁም። ሒሳቡን የጀመርኩት ከሳጥን ሳይሆን ከሰዓትና ከብርጭቆ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ሰዓት 2 ብርጭቆ ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ 1። ዝግጅቱ 3 ሰዓት ከቆየ 4 ብርጭቆ ይሆናል። ለድሬ ሙቀት 1 ጨመርኩና 5 ሆነ። ብርጭቆው 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ለአንድ ሰው 1 ሊትር ማለት ነው። ደሴን በመሰለ ደጋ ከተማ ቢሆን 4 ብርጭቆ በቂ ነበር።

ያን 1 ሊትር እንዲህ ከፈልኩት፦ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ ባለ 300 ሚሊ ለስላሳ፣ አንድ ብርጭቆ ጁስ። ለ120 ሰው 60 ሊትር ውሃ፣ 120 ጠርሙስ ለስላሳ (በባለ 24ቱ ሳጥን 5 ሳጥን) እና 24 ሊትር ጁስ ይወጣል። መጠባበቂያ ያደረግሁት 1 ሳጥን ለስላሳና 10 ሊትር የታሸገ ውሃ ነው፤ ካልተከፈተ እንደሚመለስ ከባለሱቁ ጋር ቀድመን ተስማማን። ጁስ ላይ ግን መጠባበቂያ አልያዝኩም፣ ምክንያቱም የተረፈ ጁስ የሚመልስለት ሱቅ የለም።

ጁሱን ማንጎ አደረግነው፤ እንደ አቮካዶ ቶሎ አይጠቁርም። 1 ኪሎ የበሰለ ማንጎ ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ሲጨመርበት ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ 24 ኪሎ ገዛን። ጠዋት ፈጭተን ፍሪጅ አስገባነው። ከዚያ ውስጥ 4 ሊትሩን ግን ከማታው ፈጭተን በትንንሽ ፌስታል አቀዝቅዘን በረዶ አድርገነው ነበር። ማቅረቢያው ጆግ ውስጥ የከተትነው ይህንን ነው። የውሃ በረዶ ሲቀልጥ ጁሱን ያቀጥነዋል፤ የጁስ በረዶ ሲቀልጥ ግን ያው ጁስ ነው።

ትልቁ ትምህርቴ በረዶው ነው። ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ፣ ለ120 ሰው 60 ኪሎ። ከዚህ 40 ኪሎው ለማቀዝቀዣ፣ 20ው ለብርጭቆ ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም፦ የብርጭቆው ከንጹህ ውሃ የተሠራ፣ ክዳን ባለው ዕቃ የተቀመጠና በማንኪያ የሚወጣ ነው። ጠርሙስና እጅ የገባበት የሳፋ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም።

ለስላሳውና ውሃው ማታውኑ ፍሪጅና ጥላ ቦታ አደሩ። በረዶው የመጣው ጠዋት ነው፤ በማዳበሪያ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ አኖርነው። እንግዳ ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብለን ጠርሙሶቹን ሳፋ ውስጥ ደርድረን በረዶ ጨመርንና ውሃ አፈሰስንበት። ደረቅ በረዶ ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው፤ በረዶ ያለበት ውሃ ግን ዙሪያውን ይይዘዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ያቀዘቅዛል። ሳፋው ውስጥ ተንሳፋፊ በረዶ እስካለ ድረስ ደህና ነው። ሲጠፋ ካየህ አዲስ ጨምር እንጂ ጠርሙሱ እስኪሞቅ አትጠብቅ። በረዶውን ሁሉ በአንዴ አትጨርስ፤ እኛ ግማሹን ለሁለተኛው ዙር አቆየነው።

ማታ ስንቆጥር ያልተከፈተ 1 ሳጥን ለስላሳና ጥቂት ውሃ ተረፈ፤ በነጋታው መለስኩት። ጁሱ ከመጨረሻዎቹ እንግዶች ጋር አለቀ። ግማሽ ተጠጥቶ የተተወ ጠርሙስ በጣም ጥቂት ነበር። እናቴ ሳፋውን እየደፋች «ዘንድሮስ ውሃ ጠይቆ ያጣ ሰው የለም» አለች።