የአንገቴ ጉዳይ

ባለፈው ዓመት ከቤተሰብ ጋር ሐሮ ወንጪ ወርደን ነበር። ሐይቁ ዳር ፎቶ ስንነሳ አክስቴ ከኋላዬ ሆና፣ «አንቺ ልጅ፣ አንገትሽን አትታጠቢም እንዴ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሻርፕ ከአንገቴ አልወረደም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከማንም በላይ ነበር የምታጠበው። በሎሚ ፈተግሁ፣ በሻካራ ጨርቅ አሸሁ፣ ከሱቅ የማቅያ ክሬም ገዝቼ ቀባሁ። ክሬሙ አቃጠለኝ፣ ጥቁረቱ ባሰ። በእጅ ስነካው ወፈር ብሎ እንደ ከፋይ ጨርቅ ይለሰልሳል። ብብቴም እንደዚያው።

አምቦ ለወገብ ሕመም ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነው ነገሩ የተገለጠው። ዶክተሯ ወገቤን ትታ አንገቴን አየች። ጥጥ በአልኮል ነክራ ጠረገችው። ጥጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። «ቆሻሻ ቢሆን ይለቅ ነበር» አለች። ቀጥላ፣ «ቤተሰብ ውስጥ ስኳር አለ?» አባቴ ነበረበት።

በባዶ ሆዴ ስኳሬ ሲለካ 92 ሆነ። «ታዲያ ደህና ነኝ!» አልኳት። እሷ ግን እንዲህ አስረዳችኝ፦ ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ያስገባል። ሰውነት ትእዛዙን አልሰማ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። ስለዚህ ስኳሩ ለጊዜው ልክ ይመስላል፣ የሚለፋው ቆሽት ነው። ደም ውስጥ የተትረፈረፈው ኢንሱሊን ደግሞ የቆዳ ሴሎችን እንዲበዙ ይገፋፋቸዋል። ቆዳው የሚወፍረውና የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ፈትጎ የሚለቅ ነገር የለም፣ ፍትጊያው እንዲያውም ያብሰዋል።

ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ አማካይ የሚያሳየውን ኤዋንሲ የሚባል ምርመራ ጨመረችልኝ። 5.9 ወጣ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር ነው፣ 6.5 ሲደርስ ስኳር ይባላል። የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ይዤ ብወጣ ኖሮ ሳላውቀው እቀር ነበር።

ያን ጊዜ 84 ኪሎ ነበርኩ። ከምሳ ጋር የማትቀረዋን ለስላሳ በአምቦ ውኃ ቀየርኩ፣ እንጀራውን ቀነስኩ (ይህ ከሁሉም ከበደኝ)፣ ከሥራ ወደ ቤት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በስምንት ወር 78 ገባሁ፣ ኤዋንሲው 5.6 ሆነ። አንገቴ ሳይታወቀኝ ቀስ እያለ ፈካ።

አንገቱ የጠቆረ ሁሉ እንደኔ ነው ማለት አይደለም። በዘር የሚመጣ አለ፣ በአንዳንድ መድኃኒትም የሚመጣ አለ። ዶክተሯ አጥብቃ የነገረችኝ አንድ ነገር፦ በዕድሜ የገፋ ሰው ሳይወፍር በድንገት ቢጠቁር፣ በተለይ እየከሳ ከሆነ፣ ሳይዘገይ ይመርመር። አልፎ አልፎ የውስጥ ካንሰር፣ በተለይ የጨጓራ፣ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አክስቴን ባለፈው እሑድ አገኘኋት። ሻርፕ አላደረግሁም። አንገቴን አይታ፣ «አየሽ፣ ሲታጠቡት እኮ ይለቃል!» አለችኝ። የእሷንም አንገት ሳይ ሎሚውን ጣይና ነገ አብረን እንሂድ አልኳት።